የዓመት የሱቅ ኪራይ በአንዴ ሲከፈል፦ አመዘጋገቡና የየወሩ ማስተካከያ

የሱቅ ኪራይ ለ12 ወር በአንዴ ሲከፈል ገንዘቡ ከባንክ የሚወጣው በአንድ ቀን ነው። ሱቁን የምንገለገልበት ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ገንዘቡ የወጣበትን ቀንና ወጪው የሚቆጠርበትን ጊዜ ለይቶ መያዝ፣ የዚህ መመሪያ ጉዳይ ይኸው ነው።

ብዙ ሰው ክፍያውን እንዳለ «የኪራይ ወጪ» ብሎ ይመዘግበውና ይተወዋል። ያኔ የተከፈለበት ወር በከባድ ኪሳራ ይዘጋል። የሚቀጥሉት ወራት ደግሞ ኪራይ የሚባል ነገር የሌለባቸው ይመስላሉ። ሰው የሚደነግጠው በመጀመሪያው ወር ኪሳራ ነው፤ ጉዳቱ ያለው ግን በኋላኞቹ ወራት ላይ ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። አንድ ሱቅ ኪራይ ሳይቀነስ በወር 20,000 ያተርፋል እንበል። የወር ኪራዩ ደግሞ 15,000 ነው። እውነተኛው ትርፍ 5,000 ብቻ ነው፤ መዝገቡ ግን 20,000 ይላል። ባለቤቱ ያንን ቁጥር አምኖ በየወሩ 15,000 ወይም 18,000 እያነሳ ለቤቱ ያውላል። ዓመቱ ሲሞላ አከራዩ የሚቀጥለውን ዓመት ክፍያ ይጠይቃል፤ ባንክ ውስጥ ግን ገንዘብ የለም። «ሱቁ እያተረፈ ነበር፣ ብሩ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ያኔ ነው። በየወሩ 15,000 ኪራይ በመዝገቡ ላይ ቢታይ ኖሮ ትርፉ 5,000 መሆኑ ከመጀመሪያው ወር ይታወቅ ነበር።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። ይህ አሠራር ወጪን በተገለገሉበት ጊዜ ለሚመዘግብ መዝገብ ነው፤ አክሩዋል የሚባለው። ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ ብቻ የሚመዘግብ የካሽ መዝገብ ላይ የወር ማስተካከያ የለም።

የምንሠራበት ምሳሌ

ሁሉንም ነገር በአንድ ጉዳይ ላይ እንሥራው። ወራቱን በሂሳብ ዓመቱ ቅደም ተከተል በቁጥር እጠራቸዋለሁ። ወር 1 የሂሳብ ዓመቱ የሚጀምርበት፣ ወር 12 የሚዘጋበት ነው። ስሌቱ እንዲቀል እያንዳንዱን ወር 30 ቀን አድርገን እንያዘው።

አንድ ነጋዴ አዲስ ሱቅ ተከራየ። የውሉ ዘመን ከወር 4 ቀን 16 ጀምሮ 12 ወር ነው። በወር 3 ቀን 25 ለአከራዩ 205,000 በባንክ አስተላለፈ። ውሉ ሲነበብ 180,000 የዓመት ኪራይ ነው፤ 25,000 ደግሞ ሱቁ ሳይበላሽ ከተመለሰ የሚመለስ ማስያዣ ወይም ዲፖዚት ነው።

ይህን ምሳሌ የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ውሉ በወሩ አጋማሽ ይጀምራል፣ የሂሳብ ዓመቱን ያቋርጣል፣ ውስጡም ማስያዣ አለበት። በተግባር ሰው የሚሳሳተው እነዚህ ሦስቱ ላይ ነው።

አንደኛ፦ ደረሰኙን ሳይሆን ውሉን አንብቡ

የባንክ ማስተላለፊያው የሚያሳየው 205,000 ብቻ ነው። በውስጡ ምን እንዳለ የሚናገረው ውሉ ነው። ከውሉ አራት ነገር ፈልጉ፦ ኪራዩ የሚጀምርበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የኪራዩ ጠቅላላ መጠን፣ እና ኪራይ ያልሆነ ክፍያ ካለ እሱን። እነዚህን በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከክፍያ ሰነዱ ጋር አያይዙት። ከስምንት ወር በኋላ «ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?» ሲባል መልሱ እዚያው ይገኛል።

የከፈሉበትን ቀንና ኪራዩ የሚጀምርበትን ቀን አትቀላቅሉ። በምሳሌያችን ክፍያው ወር 3 ላይ ነው፤ ሱቁ ግን ገና አልተያዘም። ስለዚህ ወር 3 ላይ አንድም ሳንቲም የኪራይ ወጪ የለም።

ማስያዣው የራሱ ሂሳብ ይፈልጋል። ጊዜ ባለፈ ቁጥር የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ አከራዩ እጅ ያለ የነጋዴው ገንዘብ ነው። ከኪራዩ ጋር ቀላቅሎ 205,000ን ለ12 ያካፈለ ሰው በወር 17,083.33 ወጪ ይመዘግባል። በየወሩ 2,083.33 የሌለ ወጪ ተጨመረ ማለት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ 25,000 የሚመለስ ገንዘብ እንዳለው የሚያሳይ መዝገብ አይኖረውም። አከራዩ ባይመልስለትም ከመዝገቡ የሚያስታውሰው ነገር የለም።

ተጨማሪ እሴት ታክስ የተከፈለበት ኪራይ ከሆነና ታክሱን ማካካስ የምትችሉ ከሆነ ታክሱንም ለይታችሁ በራሱ ሂሳብ ያዙት። ለወራቱ የሚከፋፈለው ከታክስ በፊት ያለው ኪራይ ነው። ማካካስ የማትችሉ ከሆነ ግን ታክሱ የኪራዩ አካል ሆኖ አብሮ ይከፋፈላል።

ሁለተኛ፦ ክፍያውን መመዝገብ

ወር 3፣ ቀን 25፦

ዴቢት፦ በቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ 180,000
ዴቢት፦ የኪራይ ማስያዣ 25,000
ክሬዲት፦ ባንክ 205,000

«በቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ» ስሙ ኪራይ ስለሚል ወጪ ይመስላል። ወጪ አይደለም፤ ሀብት ነው። ነጋዴው በ180,000 የገዛው ሱቁን ለ12 ወር የመጠቀም መብት ነው፤ መብቱን ደግሞ ገና አልተጠቀመበትም። ስለዚህ በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ከአጭር ጊዜ ሀብቶች ጋር ይቀመጣል። በሂሳብ ዝርዝራችሁ ላይ ይህን ሂሳብ ስትከፍቱ ምድቡን «ወጪ» አድርጋችሁ እንዳትከፍቱት ተጠንቀቁ። እንዲህ ከተከፈተ ዴቢትና ክሬዲቱ ልክ ቢሆንም እንኳ 180,000ው በቀጥታ ትርፍና ኪሳራ ውስጥ ይገባል።

ሦስተኛ፦ የወራት ሰንጠረዥ ሥሩ

የወር ድርሻው 180,000 ለ12 ሲካፈል 15,000 ነው። ወር 4 ላይ ሱቁ የተያዘው ከቀን 16 እስከ ቀን 30 ነው፤ 15 ቀን። ስለዚህ የወር 4 ድርሻ ግማሽ ነው፣ 7,500። ከወር 5 እስከ ወር 12 ያሉት ስምንት ሙሉ ወራት እያንዳንዳቸው 15,000 ይይዛሉ፤ ድምሩ 120,000። የሂሳብ ዓመቱ እዚህ ይዘጋል። በአዲሱ ዓመት ወር 1፣ ወር 2 እና ወር 3 ሦስቱም 15,000፣ ድምሩ 45,000። በመጨረሻም የአዲሱ ዓመት ወር 4 እስከ ቀን 15 ያለውን ግማሽ፣ 7,500 ይይዛል።

ደምሩት፦ 7,500፣ 120,000፣ 45,000 እና 7,500። 180,000 ይመጣል። ድምሩ ከውሉ ኪራይ ጋር ካልገጠመ ወደ ምዝገባ አትለፉ።

ብዙዎች የሚስቱት ግማሹን ወር ነው። ወር 4ን ሙሉ 15,000 አድርገው ይጀምሩና ሂሳቡ በአዲሱ ዓመት ወር 3 መጨረሻ ዜሮ ይሆናል። ሱቁ ግን ለ15 ቀን ተጨማሪ የተከፈለበት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ዓመቱ ሲዘጋ ወጪው በ7,500 በልጦ፣ ሀብቱ በ7,500 አንሶ ይወጣል።

ኪራዩ ለ12 እኩል የማይካፈል ከሆነስ? ለምሳሌ 100,000 ለ12 ሲካፈል 8,333.33 ነው። ይህ በ12 ሲባዛ 99,999.96 ይሰጣል። የቀረችውን 0.04 ለመጨረሻው ወር ስጡት፤ የመጨረሻው ወር 8,333.37 ይሆናል። ይህን ካላደረጋችሁ ሂሳቡ ላይ አራት ሳንቲም ለዘላለም ተንጠልጥላ ትቀራለች።

ሰንጠረዡን ኤክሴል ላይ መሥራት ይቀላል። አንደኛው ዓምድ (A) ወሩን፣ ሁለተኛው (B) የወሩን ድርሻ፣ ሦስተኛው (C) ቀሪውን ይይዛል። C1 ላይ 180000 ጻፉ፤ ወራቱንና ድርሻቸውን ከሁለተኛው ረድፍ ጀምራችሁ አስገቡ። ከዚያ C2 ላይ የሚከተለውን አስገቡና ወደ ታች ጎትቱት፦

```
=C1-B2
```

የመጨረሻው ረድፍ ዜሮ ማሳየት አለበት። ይህ ሰንጠረዥ ከእጃችሁ አይራቅ፤ ዓመቱን ሙሉ የሌጀሩን ትክክለኛነት የምትፈትሹት በእሱ ነው።

አራተኛ፦ የየወሩ ማስተካከያ

ወር 4 ሲዘጋ፦

ዴቢት፦ የኪራይ ወጪ 7,500
ክሬዲት፦ በቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ 7,500

ወር 5 ሲዘጋና ከዚያ በኋላ በየወሩ፦

ዴቢት፦ የኪራይ ወጪ 15,000
ክሬዲት፦ በቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ 15,000

ባንክ እዚህ ውስጥ የለም። ገንዘቡ ወር 3 ላይ ወጥቷል፤ አሁን የሚሆነው ከሀብት ወደ ወጪ ማዛወር ብቻ ነው። በማስተካከያ ምዝገባ ላይ ባንክ ወይም ካሽ ካያችሁ አንድ ነገር ተሳስቷል።

ምዝገባውን በወሩ የመጨረሻ ቀን አድርጉት። መግለጫውም ዝም ብሎ «ኪራይ» አይበል። «የወር 5 ኪራይ፣ 2ኛ ማስተካከያ» ብላችሁ ጻፉ። ወሩ በግልጽ ካልተጻፈ የተዘለለውን ከተደገመው መለየት አስቸጋሪ ነው።

የሂሳብ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ ብዙዎቹ በየወሩ ራሱ የሚደገም ምዝገባ ማዘጋጀት ያስችላሉ። ጥሩ ነው፤ ግን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ግማሽ ወር በእጅ አስገቡ። የሚደገመውን ለ11 ሙሉ ወራት ብቻ አዙትና የሚቆምበትን ቀን ሙሉ። ማቆሚያው ክፍት ከተተወ ሂሳቡ ዜሮ ካለፈ በኋላም መቀነሱን ይቀጥላል።

አምስተኛ፦ በየወሩ መፈተሽ

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ በመደበኛነት ሥሩ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ። ደግሞም ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጥያቄው አንድ ነው፦ ከዛሬ ጀምሮ ውሉ እስኪያልቅ ስንት ወር ቀረ? ያንን በወር ድርሻው አባዙት። ውጤቱ ሌጀሩ ላይ ካለው የ«በቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ» ቀሪ ጋር መግጠም አለበት።

ወር 6 መጨረሻ ላይ እንሞክረው። 2.5 ወር አልፏል፣ 9.5 ወር ቀርቷል። 9.5 በ15,000 ሲባዛ 142,500። ሌጀሩም ይህንኑ ማሳየት አለበት።

አሁን ወር 9 መጨረሻ ላይ እንሁን። 6.5 ወር ቀርቷል፤ ቀሪው 97,500 መሆን አለበት። ሌጀሩ ግን ሌላ ቁጥር ቢያሳይስ? ልዩነቱ ራሱ ስህተቱን ይጠቁማል።

ሌጀሩ 112,500 ካለ በ15,000 በልጧል። አንድ ወር ሳይመዘገብ ታልፏል። ሌጀሩን ከላይ እስከ ታች ስታነቡት የተዘለለው ወር ይገኛል።

82,500 ካለ በ15,000 አንሷል። አንድ ወር ሁለቴ ተመዝግቧል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሶፍትዌሩ በራሱ ከመዘገበ በኋላ ሌላ ሰው ደግሞ በእጅ ሲያስገባው ነው።

127,500 ካለ ልዩነቱ 30,000 ነው፤ ይህ ትንሽ ያሳስታል። ሁለት ወር ታልፎ ሊሆን ይችላል። ወይም አንድ ወር ላይ ዴቢትና ክሬዲቱ ተገላብጦ ሊሆን ይችላል። የተገላበጠ ምዝገባ 15,000 መቀነስ ሲገባው 15,000 ስለሚጨምር ልዩነቱ እጥፍ ይሆናል። ለመለየት የኪራይ ወጪውን ሂሳብ ክፈቱ። የሆነ ወር ላይ በዴቢት ፈንታ በክሬዲት የተቀመጠ 15,000 ካለ ተገላብጧል።

122,500 ካለ ደግሞ ልዩነቱ 25,000 ነው። ይህ የወር ድርሻ ብዜት አይደለም። ማስያዣው ከመጀመሪያው እዚህ ሂሳብ ውስጥ ገብቶ ነው።

የተዘለለ ወር ስታገኙ የተዘጋውን ወር ከፍታችሁ አትነካኩ። ሪፖርቱ ለባንክ ወይም ለሸሪክ ከተሰጠ በኋላ ቁጥሩ መቀየር የለበትም። የሂሳብ ዓመቱ ገና ካልተዘጋ አሁን ባለው ወር ውስጥ አስገቡትና መግለጫው ላይ «ያልተመዘገበ የወር 7 ኪራይ» ብላችሁ ጻፉ። ያ ወር 30,000 ኪራይ ያሳያል፤ ሪፖርቱን የሚያነብ ሰው ምክንያቱን እንዲያውቅ ንገሩት።

ስድስተኛ፦ ዓመቱ ሲዘጋ

ወር 12 ሲያልቅ የኪራይ ወጪው 127,500 ነው፤ ከወር 4 የመጣው 7,500 እና የስምንቱ ወራት 120,000። ይህ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ይወጣል፤ ዓመቱ ሲዘጋም ሂሳቡ ዜሮ ይሆናል። በቅድሚያ የተከፈለው ኪራይ ግን 52,500 ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት ያልፋል። የ3.5 ወር ኪራይ ነው፤ ስሌቱ ይገጥማል።

ሁለቱ ሂሳቦች የሚለያዩበት ነጥብ ይህ ነው። ወጪ ከዓመቱ ጋር ይዘጋል፤ ሀብት ይሻገራል። አንዳንድ ሰው መዝገቡን «ለማጽዳት» ብሎ 52,500ውንም ወደ ወጪ ይጥለዋል። ያኔ የዘንድሮው ትርፍ በ52,500 ይቀንሳል፣ የመጪው ዓመት ትርፍ ደግሞ በዚያው ልክ ይጋነናል። ሁለቱም ዓመታት ተበላሹ ማለት ነው።

ክፍያውን ከመጀመሪያው በሙሉ ወደ ኪራይ ወጪ የመዘገባችሁ ካላችሁ መዝገቡ አልሞተም። ከዚህ በፊት ምንም ማስተካከያ ካልሠራችሁ፣ ዓመቱ ሲዘጋ ያልተጠቀማችሁበትን ብቻ ወደ ሀብት መልሱት፦

ዴቢት፦ በቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ 52,500
ክሬዲት፦ የኪራይ ወጪ 52,500

ከ180,000 ላይ 52,500 ሲነሳ ወጪው 127,500 ይሆናል። በሁለቱም መንገድ የዓመቱ ውጤት አንድ ነው። የየወሩ ሪፖርት ግን አይታረምም፤ ለዚህ ነው የመጀመሪያውን መንገድ የምመክረው። እዚህ ላይ ተማሪዎችም ባለሙያዎችም የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ማስተካከያው የሚወሰነው መጀመሪያ በተመዘገበበት ሂሳብ ነው። መጀመሪያ ሀብት ከተባለ የምናዛውረው ያለፈውን፣ 127,500ውን ነው። መጀመሪያ ወጪ ከተባለ የምንመልሰው የቀረውን፣ 52,500ውን ነው። ስለዚህ ማስተካከያ ከመጻፋችሁ በፊት ሌጀሩን ከፍታችሁ 180,000ው የት እንዳለ እዩ።

በዓለም አቀፍ ደረጃዎች ሪፖርት የሚያዘጋጅ ድርጅት ከሆናችሁ አንድ ገደብ አለ። ከ2019 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አይ ኤፍ አር ኤስ 16 ኪራይን በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ማሳየትን ይጠይቃል። ዘመኑ ከ12 ወር ያልበለጠና የመግዛት አማራጭ የሌለው ኪራይ ግን እዚህ ባየነው መንገድ በየወሩ ወጪ እንዲሆን ይፈቅዳል። «12 ወር» የሚለው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ብቻ አይደለም። ተከራዩ ውሉን የማራዘም መብት ካለውና እንደሚያራዝም በቂ እርግጠኝነት ካለ የማራዘሚያው ጊዜም አብሮ ይቆጠራል።

ውሉ መሀል ላይ ቢቋረጥ

ነጋዴው ወር 10 መጨረሻ ላይ ሱቁን ለቀቀ እንበል። የወር 10ን ማስተካከያ መጀመሪያ መዝግቡ፤ ይህ መቅደም አለበት። 6.5 ወር ስላለፈ 97,500 ወጪ ሆኗል፣ 82,500 ቀርቷል። አከራዩ ከዚህ ውስጥ 60,000 ለመመለስ ተስማማና ከፈለ። የቀረው 22,500 ከእንግዲህ ለማንም የማይጠቅም መብት ነው፤ ሀብት ሆኖ ሊቀመጥ አይችልም፦

ዴቢት፦ ባንክ 60,000
ዴቢት፦ ከውል መቋረጥ የመጣ ኪሳራ 22,500
ክሬዲት፦ በቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ 82,500

22,500ውን ከኪራይ ወጪ ጋር አትደባልቁት። ለይታችሁ ከያዛችሁት ሱቁ በወር 15,000 ያስወጣ እንደነበር ይታያል፤ ቀድሞ መውጣት ያስከተለው ዋጋም ለብቻው ይታወቃል።

አከራዩ ለመመለስ ተስማምቶ ገና ካልከፈለ በባንክ ቦታ «ከአከራይ የሚሰበሰብ» የሚል ሂሳብ ይግባ። ምንም ስምምነት ከሌለና የመመለስ ግዴታም ውሉ ውስጥ ካልተጻፈ ግን 82,500ው በሙሉ የዚያ ወር ኪሳራ ነው። የ25,000ው ማስያዣ ከዚህ ሁሉ ውጭ በራሱ ሂሳብ ላይ እንዳለ ይቆያል። አከራዩ ሲመልሰው ባንክ ዴቢት፣ የኪራይ ማስያዣ ክሬዲት ይሆናል። ለተሰበረ በር ወይም መስኮት 4,000 ቀንሶ ከመለሰ ባንክ 21,000 ዴቢት፣ የጥገና ወጪ 4,000 ዴቢት ሆኖ ማስያዣው በ25,000 ይዘጋል።